ተጣጣፊው ግድግዳ

የመምህራን ማህበራችንን የጥናት ጉባኤ ፕሮግራም የማውጣት ሥራ የተጣለብኝ «አንቺ እኮ ኮምፒውተር ትችያለሽ» ተብዬ ነው። ኮምፒውተር መቻል ከሰው ጠብ የሚያድን ይመስል! በአንድ ሰዓት፣ በሦስት አዳራሽ፣ ሦስት ዓይነት ጥናት ይቀርባል፤ ቋንቋ፣ ሂሳብና ሳይንስ፣ የትምህርት ቤት አመራር። አቅራቢውም፣ መድረክ መሪውም፣ ቃለ ጉባኤ ያዡም በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ እንዳይመደብ መጠበቅ የኔ ፈንታ ነበር። ሰበታ ቤቴ ቁጭ ብዬ አንዱን ግጭት ስፈታ ሌላው እየተፈጠረ፣ የስንቱን ስም ከወዲያ ወዲህ ሳመላልስ ከረምኩ።

ጉባኤው የሚካሄድበት የሱሉልታ ሆቴል አንድ ትልቅ አዳራሽና በተጣጣፊ ግድግዳ ለሁለት የሚከፈል ሌላ አዳራሽ አለው። ሥራ አስኪያጁን፣ ሁላችንም «ኦቦ» ብቻ የምንላቸውን ሰው፣ ግማሹ ስንት ይይዛል ብላቸው «ስልሳ» አሉኝ። «ከነጠረጴዛው?» ስላቸው ሳቅ አሉና «ከነጠረጴዛው ከሆነ አርባ» አሉ። ይህን ሳይጠይቅ የሚመድብ ሰው በጉባኤው ቀን ሃያ እንግዳ በር ላይ ያቆማል። የግድግዳው ነገር ደግሞ አይወራ፤ በወዲያኛው ክፍል ያስነጠሰውን ከወዲህ ሆነው «ይማርህ» ማለት ይቻላል።

ከአቅራቢዎቹ መካከል ቡራዩ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ሁለቱም በዕድሜ ታላላቆቼ ናቸው። ባልየው ሂሳብ፣ ሚስትየው አማርኛ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ሳወጣ ሁለቱ ከጠዋቱ ሻይ በኋላ ባለው ተመሳሳይ ሰዓት ላይ ወደቁ፤ እሳቸው ከግድግዳው በስተቀኝ፣ ሚስታቸው በስተግራ። ረቂቁ እንደደረሳቸው ባልየው ደወሉልኝ። «አንቺ ልጅ፣ እዚህም መጥተሽ በግድግዳ ለየሽን?» ብለው ሳል እያቋረጣቸው ሳቁ። ልቀይረው ስላቸው «ተይው፣ ለምደነዋል» አሉ። ተውኩት።

ብዙም ሳይቆይ ባልየው አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ጥናታቸውን የሥራ ባልደረባቸው፣ የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ እንዲያነቡላቸው ተወሰነ። እኔም የአቅራቢውን ስም ልቀይር ፕሮግራሙን ስከፍት ክው አልኩ። በዚያው ሰዓት ሚስትየው በስተግራ ያቀርባሉ፤ የባላቸው ጥናት በስተቀኝ ይነበባል። የባሏ የመጨረሻ ሥራ ሲነበብ ከፊት ወንበር መቀመጥ የማትፈልግ ሚስት የት አለች? አልኩ ለራሴ። ሐዘንተኛን በፕሮግራም መነዝነዝ ደግሞ ነውር መሰለኝ። አልጠየቅኳቸውም።

ጥናቱን ከሰዓት በኋላ ወደ ትልቁ አዳራሽ ወሰድኩት። ምዝገባው ላይ እሱን መከታተል እፈልጋለሁ ያለው ሰው ከአርባ በላይ ስለነበር ቦታውም ይበቃዋል። ምክትሉ ጠዋት ነጻ ስለሚሆኑ፣ ከሻይ በኋላ ባለው ሰዓት የትልቁን አዳራሽ መድረክ እንዲመሩ መደብኳቸው። በተለቀቀው የጠዋት ቦታ፣ የከሰዓቱ ተረኛ የነበሩትን ከተፍኪ የሚመጡ ርዕሰ መምህር አስገባሁ። ማንም ከማንም አልተጋጨም። እውነቱን ልናገርና ኮራሁ። ፕሮግራሙም ታተመ።

በጉባኤው ጠዋት የሱሉልታ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ከኦቦ ጋር «አካም ቡልታን» ተባብለን ወንበር ስንቆጥር፣ ሚስትየው ጥቁር ለብሰው ገቡ። ፕሮግራሙን ተቀበሉኝ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ገለጡት።

«የሱ የት ሄደ?»

«ከሰዓት በኋላ ነው፣ እትዬ። ትልቁ አዳራሽ። ከፊት ቦታ ይዤልዎታለሁ» አልኩ፣ ምርቃት እየጠበቅኩ።

«ማን ጠየቀሽ?»

ቁጣ አይደለም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወደ ጥግ ወሰዱኝና ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩኝ። በትምህርት ቤቱ የሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ነበሩ፤ መሐላቸው አንድ የቺፑድ ግድግዳ። የማስተማር ዘመናቸውን ሁሉ ያስተማሩት የባላቸውን ድምፅ እየሰሙ ነው። «ድምፁን ከሰማሁ ደህና ነው ማለት ነው። ልጆቹን አስቆ ክፍሌን ሲረብሽብኝ ግድግዳውን በጣቴ ሁለቴ እመታለታለሁ። አንዴ ይመልስልኛል። እሺ ማለቱ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ከፊት ተቀምጬ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊቴን እያየ? አልችልም፣ ልጄ። እየሠራሁ ልስማው ብዬ ነበር። ለዚህ ነው የመጣሁት። ካልሆነም እመለሳለሁ፤ አትቀየሚኝ።»

አንጀቴን በሉት። «ቁጭ ይበሉ፤ የትም አይሄዱም!» አልኳቸው፤ እንዴት እንደማደርገው ግን እግዜር ይወቅ። መክፈቻውና ሻይ እስኪያልቅ ብቻ ነው ጊዜ ያለኝ። ምክትሉን ከመድረክ መሪነት ላወጣቸው ምትክ ፈለግኩ፤ የማህበሩ ሊቀመንበር ዕረፍታቸው መቅረቱ ደስ ባይላቸውም መድረኩን ያዙልኝ። የተፍኪው ርዕሰ መምህር «እኔ የማንም መጫወቻ ነኝ እንዴ? በየሰዓቱ የምትገለባብጡኝ!» ብለው ጮኹ። ምክንያቱን ስነግራቸው ሻያቸውን አስቀመጡ። «ይህን አስቀድመሽ አትናገሪም? ለሳቸው ከሆነማ ሜዳ ላይም አቀርባለሁ» ብለው የከሰዓቱን ተቀበሉ።

የቀረው ቦታ ነበር። ኦቦ ጠረጴዛዎቹን ከቀኙ ክፍል አስወጡና ወንበር ብቻ አስደረደሩ፤ ስልሳ ሆነ። ተጨማሪ ብላቸው «ስልሳ ብያለሁ፤ በሩ ከተዘጋ ሰው እንዴት ሊወጣ ነው?» ብለው እምቢ አሉ። ልክ ናቸው። ለውጡን በየበሩ ለጠፍኩ፣ በድምፅ ማጉያም አስነገርኩ። ኦቦ ድምፅ እንዳያልፍ ብለው በግድግዳው ላይ የሚሰቀል ወፍራም መጋረጃ ይዘው ሲመጡ ሮጬ ከእጃቸው ተቀበልኳቸው። «ኧረ ይተዉት! ዛሬስ ይለፍ።»

እኔ ሰዓት ያዥ ሆኜ በግራው ክፍል ተቀመጥኩ። ሚስትየው ጀመሩ። ልጆች ማንበብን እንዴት እንደሚፈሩ፣ ፍርሃቱ እንዴት እንደሚለቃቸው ይናገራሉ፤ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ከወዲያ የምክትሉ ንባብ ተሰማ። ከባድ፣ ዝግ ያለ ድምፅ ነው፤ የባላቸው አይደለም። ቃሉ ግን የእሳቸው ነበር። ክፍልፋይን ስለማስተማር ነው፤ አንድ ዳቦ ለሦስት ልጆች ሲከፈል ከሦስቱ አንዱ «መምህር፣ ፍርፋሪውስ የማን ነው?» ብሎ እንደጠየቃቸው። በወዲያኛው ክፍል ስልሳ ሰው በሳቅ ፈነዳ።

ሚስትየው ዓረፍተ ነገራቸውን መሐል ላይ አቆሙ። ወደ ግድግዳው ሁለት እርምጃ ተራመዱና በጣታቸው ሁለቴ መቱት።

ሳቁ ጸጥ አለ። ምክትሉም ማንበባቸውን አቆሙ። ሚስትየው እጃቸውን ከግድግዳው ሳያነሱ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ።

ከወዲያ ማንም አልመለሰም።

ቆዩ። ከዚያ ወደ ቦታቸው ተመለሱና ወረቀታቸውን አስተካከሉ። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉን፣ «ልማድ ሆኖብኝ ነው።» ካቆሙበት ቃል ቀጠሉ። እኔ «አምስት ደቂቃ ቀርቷል» የሚለውን ካርድ ማሳየት ነበረብኝ። ጭኔ ላይ ደፋሁት።