ነፃ ዙር

የአጎቴ ልጅ ወንጪ ላይ እንግዳ በፈረስ እያዞረ ይኖር ነበር። ፈረሱ ሲሞትበት እንጀራው ተቋረጠ፤ አምቦ እኔ ቤት መጥቶ ስልኩ ላይ ባለ የቁማር መተግበሪያ አቀረቀረ። አንድ ቀን ቀና ብሎ ጮኸ።

«ቲቸር፣ ሃያ ነፃ ዙር ሰጡኝ! ነፃ ማለት ቶላ ነው አይደል?»

እንግሊዝኛ ስለማስተምር ዘመድ ሁሉ ቲቸር ነው የሚለኝ። በኦሮምኛ ያለ ክፍያ የተገኘ ነገር ቶላ ነው፤ ከእስር የተፈታ ደግሞ ቢሊሳ። አማርኛችን ሁለቱንም ነፃ ብሎ ይገላገላል። «ቶላ ነው» አልኩት በሙሉ ልብ።

በሃያው ዙር አራት መቶ ብር አገኘ። ያንን ሩሌት በሚሉት፣ ቁጥር ያለበት መንኮራኩር በሚሽከረከርበት ቁማር ላይ እያስያዘ በሦስት ቀን ሃያ ስድስት ሺህ አደረሰው። ወዲያው ግንጪ ደውሎ፣ ዓይኑን ጥሎባት ለነበረች ባዝራ ባለቤት «ቅዳሜ እወስዳታለሁ» አለው። እኔም ጠመኔዬን እያየሁ ቀናሁበት።

ብሩን ላውጣ ሲል ስልኩ እምቢ አለ። ነፃ ዙሩን ከሚያበስረው ማስታወቂያ ሥር ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ ነበረች፤ ስነካት የእንግሊዝኛ ውል ተዘረገፈ። በነፃ ዙር የተገኘው ብር ከመውጣቱ በፊት ሠላሳ እጥፉን መወራረድ ግዴታ ነው። ሩሌት ላይ ከተወራረደው የሚቆጠረው አንድ አሥረኛው ብቻ ሲሆን፣ የፍራፍሬ ሥዕል የሚሽከረከርበት ጨዋታ ግን ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። በሰባት ቀን ካልሞላ ሁሉም ይሰረዛል።

«እንዴ! ቸርች እንኳ አሥራቱን ወስዳ ዘጠኙን ትተውልኛለች» አለ። «እነዚህ ዘጠኙን ጥለው አሥራቱን ይቆጥሩልኛል?»

ወደ ፍራፍሬው ዞረ። ሎሚና ቼሪ ሲያሽከረክር ሰንብቶ፣ ሰባተኛው ቀን ሳያልቅ ግዴታውን ሞላ። እጁ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ቀርቶ ነበር። «አውጣ» የሚለውን ተጫነ።

«እንኳን ደስ አለዎት!» የሚል መልእክት መጣ፤ ከአንድ ሺህ ብር ጋር። የቀረው ከስልኩ ላይ ጠፋ።

ውሉን እንደገና ከፈትኩት። መጨረሻው ላይ ሌላ ገጽ ይመራል፤ እዚያ ደግሞ ከነፃ ዙር ትርፍ ማውጣት የሚቻለው ቢበዛ አንድ ሺህ ብር እንደሆነ ተጽፏል። ባዝራዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚያ ብር የምትገዛ አልነበረችም ማለት ነው። በንዴት ጆሮዬ ጋለ፤ ለተማሪዎቼ አንድ ገጽ ዘለላችሁ ብዬ ማርክ የምቀንስ ሰው እኔ ነኝ።

«ለካ ብሩ ቶላ እንጂ ቢሊሳ አልነበረም» አለ የአጎቴ ልጅ፣ ቀስ ብሎ።

ቅዳሜ ግንጪ ሄዶ ባለቤቱን ይቅርታ ጠየቀ። ማታ አዲስ ልጓም ይዞ መጣና ከአልጋው በላይ ሰቀለው።

«ፈረስ ሳይኖር ልጓሙ ለማን ነው?» አልኩት።

እጁን ዘረጋልኝ። «ለዚህ አውራ ጣቴ ነው፣ ቲቸር።»

ልስቅ ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንጫጫ እጁ ሳቄን ቀድሞ ኪሱ ገባ።