የጥር ጉድለት

እህቴን መጀመሪያ ሌባ ያልኳት በደብተሬ ነው። በአፌ ያልኳት ማግስቱን ነው።

አባታችን የቅኔ መምህር ነበሩ። ስኳር ዓይናቸውን ካደከመው ወዲህ ሞጣ፣ ከታላቅ እህቴ ቤት ተቀምጠዋል። እኔ ብቸና አስተምራለሁ። ለመድኃኒታቸውና ለቀለባቸው በእኔ ስም የተከፈተ ሂሳብ አለ። ወንድሞቼና እኔ እናስገባለን፤ ካርዱ ግን እህቴ ዘንድ ነው። እሷ ከማሽን ታወጣለች፣ የገዛችውን ደግሞ በየቀኑ ደውላ ትነግረኛለች። «ወንድም ዓለም፣ ጻፍማ» ብላ ነው የምትጀምረው። እኔም የሎሚውን ዋጋ ሳይቀር እጽፋለሁ።

ጥር ሲያልቅ ደመርኩ። ከታኅሣሥ የዞረውና የገባው ተደምሮ፣ ወጪው ሲቀነስ፣ ባንክ ካለውና እህቴ እጅ ካለው ጥሬ ብር ጋር መግጠም ነበረበት። አራት ሺህ ሠላሳ አምስት ብር ጎደለ። ሦስት ጊዜ ደመርኩት፤ ሦስት ጊዜ ጎደለ። ስልኬ ላይ ዝርዝሩን ማየት እችል ነበር። አላየሁም፤ ሌባዋን አውቃታለሁ ብዬ ነበርና።

ማግስቱን ተሳፈርኩ። መኪናው ደብረ ወርቅን ካለፈ ጀምሮ እስከ ሞጣ ድረስ የምናገረውን ስቀምም ነበር። እህቴን ያገኘኋት ትንሿ ሱቋ ውስጥ ነው። ሱቁን ለአባታችን ስትል ግማሽ ቀን ትዘጋዋለች፤ ይህንንም አውቃለሁ። ቢሆንም ሰላም አላልኳትም።

«አራት ሺህ ብሩ የት ገባ?»

«የምን አራት ሺህ?»

«የአባቴን መድኃኒት የሚሰርቅ ሰው እንዲህ ደርቆ ይጠይቃል?»

ስኳር ልትገዛ የቆመች ሴት ዘንቢሏን አንስታ ወጣች። እህቴ ሚዛኑን አስቀመጠችና፣ «ወረቀቱን ከባንክ አምጣ። እኔ ከበላሁ እከፍላለሁ፤ ካልበላሁ ግን ወየውልህ» አለች።

ባንክ ሄጄ መታወቂያዬን አሳይቼ የወሩን ዝርዝር አሳተምኩ። በሱቁ ባንኮኒ ላይ ደብተሬን ከዝርዝሩ አጠገብ ዘረጋሁት። የባንኩ ቀን በፈረንጆች ነው፤ ስምንት እየቀነስን ወደ እኛው ጥር መለስነው። ያወጣችውን ሁሉ በእርሳስ ጭረት እያደረግን ደመርን። ከዚያ ላይ ደብተሬ ላይ ያለውን ወጪ ቀነስን። የቀረውን ስነግራት ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ ገለበጠችው። ቆጠርኩት። ሳንቲም አልጎደለም።

ሠላሳ አምስቱ ብር የባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ነበር፤ እዚህም እዚያም ተበትኖ አገኘነው። ጭረት ያላረፈበት አንድ መስመር ብቻ ቀረ። አራት ሺህ ብር ለአንድ ሰው ተልኳል። የሰውየውን ስም አላውቀውም። ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ነው ያለኝ።

«ይኸውልሽ! ማነው ይህ ሰውዬ? ለማን ነው የላክሽው?»

«እኔ ከማሽን አወጣለሁ እንጂ መላክ የት አውቄ? የሚላከው ባንተ ስልክ ነው» አለች። ጣቷን ቀኑ ላይ አሳረፈች። «ሃያ ዘጠኝ። ስምንት ቀንስ።»

ሃያ አንድ። አስተርዮ ማርያም።

በዚያ ቀን ብቸና፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ቆርቆሮ መግዣ ሲለመን የገንዘብ ያዡ የሂሳብ ቁጥር በድምፅ ማጉያ ተነበበ። እዚያው ቆሜ ላክሁ። ሰውየውን በክህነት ስሙ እንጂ ባንክ በሚጽፈው ስሙ አላውቀውም። ስልኬ ላይ ሁለት ሂሳብ አለ፤ የላይኛው የአባቴ፣ የታችኛው የደመወዜ ነው። በችኮላ የላይኛውን ነክቻለሁ። አልጻፍኩትም ደግሞ። ቀኝህ የሰጠችውን ግራህ አትወቅ እየተባልን ነው ያደግነው፤ ምጽዋት አይመዘገብም።

ይህንን ሁሉ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። እዚያው ቆሜ አራት ሺውን ከደመወዜ ወደ አባቴ ሂሳብ መለስኩ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ወደ ኋላ አለች።

«ለጽድቅህ ሲሆን አልጻፍክም» አለች። «ለእኔ ግን የሎሚ ዋጋ ጻፍክ።»

አባቴን ልሳለም ገባሁ። ሱቁና ቤቱ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው፤ ሁሉንም ሰምተዋል። እጃቸውን ሰጡኝ፤ ምርቃት ግን አልተከተለውም።

ካርዱን ትመልስልኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልመለሰችውም፤ አባታችንም እዚያው ናቸው። በየቀኑም ትደውላለች። ትናንትም ደወለች።

«ጨው፣ ሃያ ብር። ሎሚ፣ ሠላሳ ብር። ጻፍ» አለች።

«እቴቴ፣ እንዴት ዋልሽ?» አልኳት።

«ጽፈሃል?»

«ጽፌያለሁ።»

ዘጋችው።