የአንድ ሳምንት ማራዘሚያ

ወይዘሮ ብዙወርቅ ቃሊቲ ባለው ብስኩት ፋብሪካችን የግዥ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ከሳሪስ በቀላል ባቡሩ ይመጡና ከእኔ፣ ከመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ ትይዩ ይቀመጣሉ።

አንድ ሰሞን የካርቶን ዋጋ ናረ። ዱከም ያሉት አቅራቢያችን አቶ ጀቤሳ የላኩት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ አርብ ጊዜው ያበቃል። ሥራ አስኪያጃችን አደሴ ቅናሽ ካልተገኘ የከሰዓቱን ፈረቃ እንደሚዘጋ ተናግሯል። በፈረቃው የሚሠሩት አብዛኞቹ ከኮዬ ፈጬ የሚመጡ እናቶች ናቸው።

ረቡዕ የአቶ ጀቤሳ እናት አረፉ።

አደሴ ኢሜይል አርቅቆ መጣ። «ነፍስ ይማር። በተያያዘም የስምንት በመቶ ቅናሽ እንዲደረግልን» ይላል።

«ለቅሶና ዋጋ በአንድ ደብዳቤ?» አሉት ወይዘሮ ብዙወርቅ።

«ጊዜው ያልቃል እኮ፣ እትዬ። ሌላ አቅራቢ አግኝተናል እንበላቸውና ይደንግጡ።»

«አግኝተናል?»

«አላገኘንም።»

«እንግዲያው አንልም።»

ለአቶ ጀቤሳ የሐዘን መግለጫ ብቻ ላኩ። ለሽያጭ ሠራተኛቸው ለጠጄ ደግሞ ለብቻው ጻፉ፦ «ሐዘን ላይ ናችሁና ስለ ዋጋ አሁን አናነሳም። የፕሮፎርማው ጊዜ በአንድ ሳምንት ቢራዘምልን ደስ ይለናል።» ጠጄ በዚያው ቀን አራዘመችው።

ሐሙስ ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ውስጥ አቶ ጀቤሳ ራሳቸው፣ «ያ የካርቶኑ ነገር...» ብለው ጀመሩ።

«እሱ ይደርሳል» አሉና ወይዘሮ ብዙወርቅ ዝም አሰኟቸው።

ስንመለስ በመኪናው መስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ «የኛ መኪና ናዝሬት ብስኩት አራግፎ በዚህ መንገድ ባዶውን ነው የሚመለሰው» አሉኝ።

ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ለአቶ ጀቤሳ እንዲህ ጻፉ፦ «እስከ ዛሬ አንድም ቀን ካርቶን አላጓደላችሁብንም፤ እናመሰግናለን። ከእንግዲህ በራሳችን መኪና ከደጃችሁ እናነሳለን፤ በየሳምንቱ ከማዘዝም የወሩን አንዴ እናዝዛለን። የማጓጓዣው ወጪ ስለሚቀርላችሁ ስምንት በመቶ ብትቀንሱልን? ካልተመቻችሁ የሚቻላችሁን ንገሩን።»

መልሱ በማግስቱ መጣ፦ «ስምንት አይሆንልኝም። ስድስት ይሁን።»

«ትንሽ ብንገፋቸው ሰባት ያደርጉታል» አለ አደሴ።

«በስድስት ፈረቃው ይቀጥላል?»

አስልቶ፣ «ይቀጥላል» አለ።

«በቃ» አሉና የተስማማንበትን ከምስጋና ጋር ላኩ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ ስንት ደብዳቤ አንብቤ በየፋይሉ መድቤያለሁ። መቼ ዝም እንደሚባል እንዲህ የሚያውቅ ጸሐፊ ግን አልገጠመኝም። ፈረቃው ዛሬም አለ።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ባለፈው ኅዳር አረፉ። አዲሱ የካርቶን ፕሮፎርማ በዚያው ሳምንት ያበቃ ነበር፤ ከመካከላችን ያስታወሰ የለም። ከሣልስቱ መልስ የግዥ ክፍሉን ኢሜይል ስከፍት ከጠጄ የመጣ አገኘሁ።

«ሐዘን ላይ ናችሁ። ፕሮፎርማው በአንድ ሳምንት ተራዝሟል።»

ማንም አልጠየቃትም። አትሜ አወጣሁት። ከግዥው ፋይል ላኑረው ወይስ ከሐዘን መግለጫዎቹ ጋር፣ እስካሁን አልወሰንኩም።