ሕፃኗ ያልገባችበት ፕሮግራም

የአሥራ አንደኛ ክፍል የመጨረሻ ፈተና አንድ ሳምንት ሲቀረው እናቴ ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። አባቴ ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ የሚወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። ከእኔ በታች ያሉት የሦስተኛ ክፍል እህቴና ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ወንድሜ ናቸው። ስለዚህ የእናቴን ገንፎ ማገንፋት፣ የሕፃኗን ጨርቅ ማጠብ፣ ውሃ መቅዳት፣ የልጆቹን ምሳ ማድረስ፣ አራስ ሊጠይቅ የመጣን ሰው መቀበል፣ ሁሉም በእኔ ላይ ወደቀ። ማንም እንዲህ አድርጊ ብሎ አላዘዘኝም። ሌላ የሚሠራው ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

ፈተናው የሚጀምረው ሰኞ ጠዋት በፊዚክስ ነው። ከሰዓት ባዮሎጂ፣ ማክሰኞ ደግሞ ኬሚስትሪ። የጥናት ሳምንት ተብሎ ክፍል ቀርቶልን ስለነበር እሁድ ማታ አንድ ወረቀት በማስመሪያ አስምሬ ፕሮግራም አወጣሁ። ጠዋት ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አራት ሰዓት፣ አንዱ በሰማያዊ፣ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በአረንጓዴ እስክሪብቶ። በጣም አምሮ ነበር። ሳየው ራሱ ያጠናሁ መሰለኝ።

ሰኞ ዕለት ከዚያ ሁሉ ቀለም የሠራሁት አንድ ሰዓት የማይሞላ ፊዚክስ ነው። ጠዋት ሕፃኗ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ጎረቤቶች ገቡ፣ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ደብተሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ማታ ያመለጠኝን ሁሉ ወደ ማክሰኞ ገለበጥኩት። ማክሰኞ ሳይነጋ ሁለት ቀን ሆኖ ጠበቀኝ።

ማክሰኞ የፈተና መግቢያ ካርድ ልወስድ ትምህርት ቤት ስሄድ ወረቀቱን ደብተሬ ውስጥ አጥፌ ይዤው ነበር። የኬሚስትሪ መምህራችን በመምህራን ክፍል በረንዳ ላይ ተቀምጠው ወረቀት ያርማሉ። ብዙ የማያወሩ፣ ተማሪ ሲያወራም ቀና የማይሉ ሰው ናቸው። ሰላም ብያቸው ላልፍ ስል ደብተሩ ከእጄ ወድቆ ወረቀቱ ተዘረጋ። አንስተው ረጅም ሰዓት አዩት።

«ይሄ የማን ፕሮግራም ነው?»

«የእኔ ነው ቲቸር።»

«እናትሽ ወልዳለች ብለሽ አስፈቅደሽኝ አልነበር ባለፈው?»

«አዎ፣ ወልዳለች።»

«ታዲያ ሕፃኗ እዚህ ውስጥ የት አለች?»

ወረቀቱን ገልብጠው በባዶው በኩል አስቀመጡልኝና እስክሪብቷቸውን ሰጡኝ።

«መጀመሪያ ማጥናት የማትችይበትን ሰዓት ጻፊ። ውሃ የሚመጣው መቼ ነው? ምሳ ስንት ሰዓት ይቀርባል? ጨርቅ የሚታጠበው መቼ ነው? እሱን ጨርሺና አሳዪኝ።»

ጻፍኩ። ውሃ በሰፈራችን የሚመጣው ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጨርቅ በየቀኑ ከሦስት ሰዓት በኋላ። ገንፎ ጠዋትና አሥር ሰዓት ላይ። ምሳ፣ እራት፣ ልጆቹን ማጠብ። ስጨርስ የተረፈው ነጭ ቦታ እዚህም እዚያም የተበጣጠሰ ነበር። ትልቁ ጠዋት ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያለው ነው። ሌላው አርባ ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት፣ እንደገና አርባ ደቂቃ። ልቅሶ ልቅሶ አለኝ።

እሳቸው ግን አላዘኑልኝም። «ያለሽ ይሄ ነው» አሉ። «ሒሳብ ያለበትን ነገር ጠዋት አድርጊው፣ ጭንቅላትሽ ሳይደክም። ፊዚክስን፣ የእኔንም ስሌት። ባዮሎጂ በቁርጥራጭ ሰዓት ይሄዳል። ሦስቱንም በየቀኑ ንኪ እንጂ አንዱን ሦስት ቀን ሙሉ ይዘሽ ሌላውን አትርሺ። ከማንበብሽ በፊት ያለፈውን ዓመት ጥያቄ፣ ደብተር ሳትገልጪ፣ ሥሪው። የማታውቂውን እሱ ይነግርሻል። የምታውቂውን ደጋግመሽ በማንበብ ጊዜ አትጨርሺ። ያጠናሽውን ደግሞ ከአንድ ቀን በኋላ ደብተር ሳታዪ ጻፊው፣ ከዚያ ዘልለሽ ቅዳሜ ወይ እሁድ እንደገና።»

ከዚያ የቅዳሜን ከሰዓት በሙሉ በእስክሪብቶ አጠሩት።

«ይሄን ባዶ ተዪው።»

«ለምን ቲቸር?»

«ለሚመጣው ነገር።»

«ምን ይመጣል?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ግን ይመጣል። ያመለጠሽን ደግሞ በማግስቱ ላይ አትደርቢው። እዚህ ውስጥ ክተቺው፣ ካልበቃ ቀንሺ።» ይህን ብለው ወደ እርማታቸው ተመለሱ።

አዲሱን ወረቀት ማድ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በአንድ እስክሪብቶ ብቻ የተጻፈ፣ ሥርዝ ድልዝ የበዛበት ነበር። የማክሰኞ ከሰዓቷን ክፍት ሰዓት በአሮጌ ጥያቄዎች ጨረስኳት። ፊዚክስ ላይ በክብ እንቅስቃሴና በቶርክ ከሞላ ጎደል ባዶ መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ኬሚስትሪ የፈራሁትን ያህል አልነበረም። ባዮሎጂ ላይ ሁሉንም የማውቅ ይመስለኝና ልጽፈው ስል ግን ግማሹ ይጠፋብኛል።

ረቡዕ ውሃ ቀድቼ፣ ጨርቅ አጥቤ፣ ምሳ አቅርቤ እናቴ አጠገብ ስቀመጥ እጄ የሳሙና ሽታ ነበረው። እናቴ ሕፃኗን እያጠባች «አምጪ እስቲ ደብተሩን፣ እኔ ልጠይቅሽ» አለችኝ። እናቴ የተማረችው እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ያቋረጠችው እኔን ስታረግዝ ነው። ስለዚህ ነገር አውርተን አናውቅም።

«ፎቶሲንተሲስ ላይ ኦክስጅኑ የሚመጣው ከየት ነው?»

«ከካርቦን ዳይኦክሳይድ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አዙራ አነበበች። «እዚህ ያለው ከውሃ ነው የሚለው።»

«አዎ፣ ከውሃ ነው። ውሃው ሲሰነጠቅ።»

«እኔም ከዚያኛው ይመስለኝ ነበር» አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

እንደዚያ ሆነን ሕፃኗ ጠብታ እስክትተኛ ድረስ ስንት ጥያቄ ሄድን። ዝም ብዬ ሳነብ ከማገኘው ይልቅ ተሳስቼ ያረመችኝ አልተረሳኝም። ከዚያ በኋላ ሕፃኗ የምትጠባበትን ሰዓት ፕሮግራሙ ላይ «ባዮሎጂ፣ ከእማዬ ጋር» ብዬ ጻፍኩት።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ከገረሴ እንግዶች መጡ። የአባቴ ታላቅ እህትና ሁለት የዘመድ ሴቶች፣ ቡላና ቅቤ ተሸክመው። ከደጋ ተነሥተው አራስ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ናቸው። እግር ማጠብ፣ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ሌላ የሚቀመስ፣ መኝታ። በዚያ ላይ ሌሎች ጎረቤቶችም እንግዳ መጣ ብለው ገቡ። የጠዋቱን ፊዚክስ ብቻ ሠርቼ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ጎመን እየከተፍኩ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ሳይ እንባዬ መጣ። ሽንኩርት እንዳልል ሽንኩርቱን ገና አልላጥሁትም።

አክስቴ ገቡ። ፊደል አልቆጠሩም። የሚናገሩት አማርኛም ጋሞኛ የተቀላቀለበት ነው። ወረቀቱን በጣታቸው ነክተው «ይሄ ምንድነው?» አሉኝ።

«የጥናት ነው። ሰኞ ፈተና አለብኝ።»

«የዛሬው የቱ ነው?»

የሐሙስን መስመር አሳየኋቸው።

«ይሄን ሠርተሻል?»

«ይሄን አዎ።»

«ይሄንስ?»

«አልሠራሁም።»

«ይሄንስ?»

«እሱንም አልሠራሁም።»

ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሱ። «እኛ ስለመጣን ነው እንዴ?»

ቢላዋውን ይዤ አቀረቀርኩ። ለእንግዳ፣ ያውም ለአባት እህት፣ አዎ አይባልም። አይደለም ለማለት አፌን ስከፍት እናቴ ከጓዳ፣ ከመኝታዋ ላይ ሆና፣ «አዎ እትዬ፣ ስለመጣችሁ ነው» አለች።

ሳሎን የነበሩት ሴቶች ወደ ጓዳው ዞሩ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እንደደከመው ሰው ቀስ ብላ ነው የቀጠለችው። «መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። ግን እሷ ከወለድኩ ጀምሮ አልተቀመጠችም። እኔ ያቋረጥኩትን እሷም እንድታቋርጥ አልፈልግም።»

አክስቴ ወደ ጓዳ ገቡና ረዘም ላለ ጊዜ ሁለቱ በጋሞኛ አወሩ። ቀስ ብለው ስለሚያወሩ የምሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። ቅር ብሏቸው በማግስቱ የሚሄዱ መሰለኝ። ሲመለሱ ቢላዋውን ከእጄ ወሰዱ።

«እነሱ ነገ ይሄዳሉ። እኔ ፈተናሽ እስኪያልቅ አለሁ። ሂጂ ተቀመጪ።»

«ኧረ እርስዎ እንግዳ ነዎት።»

«እንግዳነቴን ዛሬ ጨረስኩ» አሉና ጎመኑን ሳቡት።

በዚያ ምሽት ምንም አላጠናሁም። እንዲያው ተኛሁ። ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን አይቼ የሐሙስን ቁርጥራጮች ሁሉ ዓርብ ላይ ልጨምር ፈለግሁና እጄን ሰበሰብኩ። ቶርክን ወደ ቅዳሜ ባዶ ሰዓት፣ የኬሚስትሪ ኢኩሊብሪየምን እዚያው ከሥሩ ወሰድኩ። ሁለቱ ቦታውን ሞሉት። የባዮሎጂ የመጨረሻ ምዕራፍ የሚገባበት አጣሁ። ርዕሶቹንና ሥዕሎቹን ብቻ አይቼ እንደማልፈው ወስኜ ሠረዝኩት። ሳልሠራው እንደሚቀር ከማወቅ ይልቅ መሠረዙ ራሱ ከበደኝ።

አክስቴ ማድ ቤቱን ያዙት ማለት ሥራዬ ሁሉ ቆመ ማለት አይደለም። ጨርቁን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ወገባቸውን ስለሚያማቸው። እያጠብኩ ግፊት ሲጨምር ሚዛኑ ጥቂት የጋዝ ሞል ወዳለበት ወገን ይሄዳል፣ ሙቀት የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ሲሞቅ ወደ ኋላ ይመለሳል እያልኩ ለራሴ እደግመው ነበር። እህቴ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቶርክ ገባኝ። ገባኝ ስል ስድስት ጥያቄ ሠርቼ አራቱን አገኘሁ። እሁድ አዲስ ነገር አልነካሁም። ቀመሮቹን በባዶ ወረቀት ጻፍኩ፣ የጎደለውን ሞላሁ፣ እስክሪብቶና ካርዴን አዘጋጀሁና በጊዜ ተኛሁ።

ፈተናው እንደማንኛውም ፈተና ሆነ። ፊዚክስ ላይ ጊዜ አጠረኝ፣ ሁለት ጥያቄ በግምት ሞላሁ። ከሠረዝኩት የባዮሎጂ ምዕራፍ ጥያቄ መጣ፣ አንዱን እንኳ ከሥዕሉ አስታወስኩት፣ ሌሎቹን አልቻልኩም። ማክሰኞ ኬሚስትሪ ጨርሼ ስወጣ ደስታም ኀዘንም አልተሰማኝም። እግሬ ከብዶኝ ቤት ደረስኩና ከነጫማዬ ተኛሁ። የነቃሁት በማግስቱ ነው። አክስቴ በማለዳው መኪና ወደ ገረሴ ሄደው ነበር። እናቴ ልትቀሰቅሰኝ ስትል «ተያት» ብለው እንደከለከሏት ነገረችኝ። ሳልሰናበታቸው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ውጤቱ ሲመጣ ኬሚስትሪ ጥሩ፣ ባዮሎጂ ደህና፣ ፊዚክስ ከፈለግሁት በታች፣ ግን ማለፊያ ነበር። መምህሬ ወረቀቴን ሲሰጡኝ «ባዶው ሰዓት ሞላ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሞላ ቲቸር። አልበቃም።»

«አይበቃም» አሉና የሚቀጥለውን ተማሪ ጠሩ።