እርጥቧ ነጭ መኪና

ሽማግሌዬ ናይሮቢ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀው የተጋጨ መኪና ሲያቀናና ቀለም ሲቀባ ነው። ጋራዡን ከተወ በኋላም ያገራችን ሰው መኪና ሊገዛ ሲል ፎቶውን ለሱ ይልካል። እሱ ስልኩን አፍንጫው ላይ ይለጥፍና የሚያጠራጥረውን መጀመሪያ፣ ደህና የሚመስለውን መጨረሻ አድርጎ ይደረድራል።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አጠገቡ ተቀምጬ ስነዘንዘው ግን ብዙ ለቅሜያለሁ። ውሃ የፈሰሰበት መኪና ፎቶ አይታመንም፤ ውሃ ጭረቱንም የቀለሙንም ልዩነት ይደብቃል። አንድ ጎን ብቻ ያሳየ ሻጭ ሌላውን ጎን ይጠየቃል። ብዙ አልተነዳም እየተባለ መሪው ከተላጠና የፍሬን መርገጫው ጎማ ካለቀ፣ ነገር አለ።

"እኔን ስታገባ ይሄን ሁሉ አይተሃል?" እለዋለሁ።

"ያንቺን ፎቶ ማን ላከልኝ?" ይላል።

ዘንድሮ በዝናቡ ወቅት ልጃችን የሦስት ሻጮች ፎቶ ላከች። ከፓርክላንድስ ሰፈር እስከ ሩንዳ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ለሥራ ስትመላለስ ተንገላታ፣ ስታጠራቅም የከረመች ናት። አባቷ ደህና ናት ላላት መኪና ያኔውኑ ቀብድ ልትልክ ነው፤ አንዱ ሻጭ ሌላ ገዢ አለ ብሎ አጣድፏታል።

ሽማግሌዬ ደረደረ። መጨረሻ ያስቀመጣት አንዲት ነጭ መኪና ናት። ሳያት ውሃ ከላይ እስከ ታች ይወርድባታል። የኋላ በሯ በውሃው ውስጥም ቢጫ ቢጫ ይላል። በሞተር ክዳኗና በጎኗ መሀል ያለው ክፍተት አንዱ ጋ ጠባብ፣ ሌላው ጋ ጣት ያስገባል፤ ተጋጭታ የተጠገነች ትመስላለች።

የሚቀልድብኝ መሰለኝ። "አንተ ሽማግሌ፣ እየፈተንከኝ ነው? ውሃ ይወርድባታል እኮ" አልኩት።

ስልኩን ወደ መስኮቱ ወሰደው፤ አራቀው፣ አቀረበው።

"ደረቅ ናት" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "አይደለችም?"

መሳቅ አቃተኝ። ለካ ሰሞኑን ሸሚዙን ገልብጦ የሚለብሰው፣ ሰው ሰላም ሲለው ድምፅ እስኪሰማ የሚጠብቀው ለዚህ ኖሯል።

ለልጄ ደወልኩና ቀብዱን እንዳትልክ፣ ነጯ ደርቃ ሁለቱም ጎኗ የተነሳበትን ፎቶ እንድትጠይቅ ነገርኳት። የነጯ ሻጭ ከፈለግሽ ውሰጂ ብሎ ፎቶውን ከለከላት። ሽማግሌዬ እየጠየቀኝ፣ እኔ ያየሁትን እየነገርኩት እንደገና ደረደርናቸው። ነጯ መጀመሪያ ሄደች። የኪሌሌሽዋ ሰፈሯ መኪና መጨረሻ ሆነች፤ አቧራ የጠጣች ናት፣ ግን ባለቤቷ ጭረቷን ራሱ አስጠግቶ አንስቶታል። እሷንም ቢሆን በፎቶ ብቻ እንዳትገዛ፣ መካኒክ ይዛ እንድትሄድ ነገራት።

ልጄ መልሳ ደወለች። "አባዬ፣ ያንተ ዓይን ባይኖር ጉድ ሆኜ ነበር" አለችው።

ስልኩን ወደ እኔ ሲዘረጋ እጄን ሳተ፤ ስልኩ ባዶ አየር ላይ ቀረ።

"አንቺ ንገሪያት" አለኝ። "እኔ አልችልም።"

ተቀበልኩት። ሁልጊዜ ስልክ ሳነሳ በቀልድ ነው የምጀምረው፤ ያን ቀን የልጄን ስም ጠራሁና ቁጭ በይ አልኳት።