1216 በማን አቆጣጠር?

ሞላሌ መውጫ ላይ ጎማ የሚሠራው ወሰኔ ቶሎ ይናደዳል፤ በጎማ ነገር ግን ተሳስቶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት የእንስሳት ሐኪሙ ባምላኩ ወደ ጓሳ ሊወጣ ሲል ሞተር ሳይክሉን አቁሞ፣ «ጋሼ፣ የኋላውን ጎማ ንፋስ ሙላልኝ» አለው።

ወሰኔ መጀመሪያ ጥፍሩን በጎማው ጥርስ መካከል አስገባ። እዚያ ሥር ትንሽ የጎማ ጉብታ አለች፤ ጥርሱ ተበልቶ ከእሷ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አብቅቶለታል ማለት ነው። የዚህ ጥርስ ግን ገና ከጉብታዋ ብዙ ከፍ ያለ ነው።

«አዲስ እኮ ነው፤ ካሰርኩት ሁለት ወሩ ነው» አለ ባምላኩ ኮራ ብሎ።

ወሰኔ የጎማውን ጎን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው። ከጭቃው ሥር ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገረው ቁጥር ወጣ፤ 1216 ይላል። ዙሪያው በጥቃቅን ስንጥቅ ተሞልቷል።

«እስቲ አንብበው።»

«አሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት። ዘንድሮ አሥራ ስምንት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«በማን አቆጣጠር?» ጮኸ ወሰኔ። «በፈረንጅ እኮ ነው! በእኛ ሁለት ሺህ ስምንት ማለት ነው። ዐሥር ዓመት ቁጭ ብሎ የደረቀ ጎማ ነው የሸጡልህ!»

«በፈረንጅ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ወሰኔ ገብቶ አዲስ ጎማ አመጣና ፊቱ ላይ ደቀነበት። 3025 ይላል።

«ይሄንንም በአንተ አቆጣጠር አንብብልኝ።»

«ሠላሳኛው ሳምንት፣ ሁለት ሺህ ሃያ...»

«ጨርሰው እንጂ! ከሰባት ዓመት በኋላ የሚሠራ ጎማ ነው የያዝኩት?»

ባምላኩ ጎንበስ ብሎ ከመሬት መፍቻ አነሳና አሮጌውን ጎማ እንዲፈታለት አቀበለው።