ሁለት ገጽ ስለ ክፉና ደግ

ቡሬ ላይ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ሳስተምር ዲግሪዬን በርቀት እማር ነበር። አንድ ጊዜ ክፉና ደግ ከሰው አስተያየት ውጭ በራሱ አለ የሚለውን የሞራል ሪያሊዝምንና ይህን የሚክደውን አንቲ ሪያሊዝምን የሚያነጻጽር ሁለት ገጽ ጽሑፍ ታዘዝን። አንዱን ገጽ ለሪያሊዝም፣ ሌላውን ለአንቲ ሪያሊዝም ሰጠሁና ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ላይ ለሚያስጠኑን መምህር አሳየኋቸው።

«ሁለት ጎረቤት አስቀምጠሃል፤ ሰላምታ ግን የላቸውም» አሉኝ። «የሚለያዩበትን ጥያቄ ፈልግና ሁለቱንም እሱኑ ጠይቃቸው።»

ጥያቄውን ያመጣችው አብራኝ የምትማር የሥራ ባልደረባዬ ናት። የሽንዲ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ድረዋት ቡሬ ወዳለች አክስቷ ኮብልላ ነው የተማረች።

«እኔን ሲድሩኝ አገሩ ሁሉ ደግ ሥራ ነው ይል ነበር» አለች። «ታዲያ ያን ቀን ስህተት አልነበረም ማለት ነው?»

«አንቲ ሪያሊስቱ አልነበረም ይላል» አልኳት።

መምህሩ አቋረጡኝ። «እንዲያ የሚልም አለ፤ ልክነትን በማኅበረሰቡ ልማድ የሚለካው። ሌላው ግን ‘ስህተት ነው ስል ተቃውሞዬን መግለጼ ነው፤ ያን ቀን የሆነውንም እቃወማለሁ’ ይላል። ጭራሹን ልክም ስህተትም የሚባል ነገር በዓለም የለም የሚልም አለ።»

«ሪያሊስቱስ?» አለቻቸው።

«ሰው አወቀውም አላወቀው፣ ያን ቀንም ስህተት ነበር ይላል።»

«እንግዲያው ፍርዳቸው አንድ ሊሆን ይችላል» አለች። «የሚለያዩት ፍርዱ በምን ላይ ነው የቆመው በሚለው ነው።»

«እሱን መግቢያሽ ላይ ጻፊው» አሏት።

እኔም እንደገና ጻፍኩ። መግቢያዬ ልዩነታቸው የት ላይ እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ በየአንቀጹ ሁለቱን አገናኘኋቸው፦ ስህተትነት ከእኛ አቋም ውጭ ይኖራል ወይ? የሰዎች አለመግባባትስ ምን ያሳያል? አገር ሐሳቡን ሲለውጥ ያልታየውን አየ ነው የምንለው፣ ወይስ አቋሙን ቀየረ? በየመሐሉ የእሷን ጉዳይ፣ ፈቅዳልኝ፣ ምሳሌ አደረግሁት። ሪያሊስቱ ያንን እውነት በምን ዓይን እንደምናየው ሊያስረዳኝ ስላልቻለ፣ መደምደሚያዬ ወደ አንቲ ሪያሊዝም አዘነበለ። እሷ ወደ ሪያሊዝም አዘነበለች። መምህሩ ሁለታችንንም በምክንያታችን እንጂ በወገናችን አላረሙንም።

ለፋሲካ ሽንዲ ወርዳ አባቷን ያኔ ስለመዳሯ ጠየቀቻቸው። ስትመለስ መምህራን ማረፊያ ክፍል አጠገቤ ተቀመጠች።

«‘ያን ጊዜ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር’ አለኝ» አለችኝ። «ይቅር በይኝ አላለም። ግን ‘መስሎኝ’ አለ። አየህ? ያልሆነ ነገር ነው የሚመስል።»

«አሁን አቋማቸው ስለተለወጠ እንደዚያ ሊሉ ይችላሉ» አልኳት።

«ይችላል» አለች። ፊቷ ግን ከወትሮው ፈታ ብሎ ነበር። ደወል ተደውሎ ሁለታችንም ወደየክፍላችን እስክንገባ ድረስ ተከራከርን።